ከሲሚንቶ ፋብሪካና ከኃይል ማመንጫ ጭስ አቧራና አመድ እንዴት ይጣራል?

በሲሚንቶ ፋብሪካ አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ፋብሪካው የጭስ ማጣሪያ እንዳለው እየተነገረ አንዳንድ ቀን ከጭስ ማውጫው ብዙ አቧራ ለምን ይወጣል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ማጣሪያው በምን ዘዴ እንደሚሠራና በምን ምክንያት ሥራውን እንደሚያቋርጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ በስፋት ሥራ ላይ የሚውሉትን ሁለት ማጣሪያዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል አቧራን የሚይዘውን ኤሌክትሮስታቲክ ፕሪሲፒቴተርንና በጨርቅ ከረጢት የሚያጣራውን ባግ ፊልተርን ያብራራል። እያንዳንዳቸው የሚበላሹበትን መንገድ፣ ብልሽቱ ከውጭ የሚታወቅበትን ምልክትና ነዋሪዎች አቤቱታ ሲያቀርቡ ሊመዘግቧቸው የሚገቡ ነጥቦችንም ያመለክታል።

በጭሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ሲሚንቶ የሚመረተው የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ኪልን በሚባል ረጅም ተሽከርካሪ ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ክሊንከር ከሆነ በኋላ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ ውስጥ ከምድጃው የሚወጣው ጋዝ ወደ ታች ከሚወርደው ጥሬ ዱቄት ጋር እየተገናኘ ስለሚያልፍ፣ ብዙ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከሲሚንቶ ምድጃ የሚወጣው አቧራ በአብዛኛው የነዳጅ አመድ ሳይሆን ያልተቃጠለ ወይም በከፊል የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው።

በድንጋይ ከሰል በሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። እዚያ ከሰሉ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ ወደ እቶኑ ይነፋል። የማይቃጠለው ማዕድን ቀልጦ ጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣቶች ይሆንና ከጭሱ ጋር ይወጣል። ይህም በራሪ አመድ ይባላል። ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የምታመነጨው በአብዛኛው ከውኃ በመሆኑ፣ ጉዳዩ በአገራችን ይበልጥ የሚመለከተው እንደ ሙገር፣ ደርባ፣ ለሚ፣ መቐለና ድሬዳዋ ባሉ የሲሚንቶ ፋብሪካ በሚገኝባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ዜጎችን ነው። ይሁንና ማጣሪያዎቹ በሁለቱም ቦታ በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራሉ።

የአቧራውን መጠን ለመረዳት አንድ መካከለኛ ፋብሪካን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በቀን 3,000 ቶን ያህል ክሊንከር የሚያመርት ምድጃ በሰዓት 300,000 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ያወጣል። ይህ መጠን ጋዙ ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ወደ መደበኛ የአየር ግፊት ተመልሶ ሲሰላ የሚገኝ ነው። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ 50 ግራም አቧራ ቢኖር፣ ወደ ማጣሪያው በየሰዓቱ የሚገባው አቧራ 15 ቶን ይሆናል። ማጣሪያው በትክክል ሲሠራ ከዚህ ውስጥ ወደ አየር የሚወጣው በሜትር ኩብ 20 ሚሊግራም፣ በድምሩም በሰዓት 6 ኪሎግራም ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለሲሚንቶ ምድጃዎች ባወጣው የምርጥ ቴክኖሎጂ መመዘኛ ውስጥ የተቀመጠው የቀን አማካይ እስከ 20 ሚሊግራም ነው። በሚከተሉት ክፍሎች የሚቀርቡት ስሌቶች በዚሁ ምሳሌ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማጣሪያ

በፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ በአጭሩ ኢ.ኤስ.ፒ. የሚባለው ኤሌክትሮስታቲክ ፕሪሲፒቴተር አንድ ሕንፃ የሚያህል የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ ረጃጅም የብረት ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በሰሌዳዎቹ መካከልም ሽቦዎች ወይም ሹል ዘንጎች ይገኛሉ። ሰሌዳዎቹ ከመሬት ጋር የተገናኙ ሲሆኑ፣ ሽቦዎቹ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያለው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣቸዋል። በሽቦው ዙሪያ ያለው ጋዝ በዚህ ኃይል ምክንያት ኤሌክትሪክ ይሸከማል። የሚያልፈው አቧራም ከጋዙ ኃይሉን ይቀበልና ወደ ሰሌዳው ተስቦ ይለጠፋል። መዶሻዎች በየተወሰነ ጊዜ ሰሌዳዎቹን ሲመቱ፣ የተጠራቀመው አቧራ ሆፐር ወደሚባለው ሾጣጣ መቀበያ ይወርዳል። ከዚያም ተመልሶ ወደ ምድጃው ይገባል።

ዘዴውን ለኢንዱስትሪ ያበቃው አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኮትሬል ነው። የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። በሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ሥራ ላይ እንዲውል ምክንያት የሆነው ደግሞ የነዋሪዎች አቤቱታ ነው። በካሊፎርኒያ ግዛት በሪቨርሳይድ ከተማ አቅራቢያ የነበሩ የብርቱካን አምራቾች፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወጣው አቧራ በዛፎቻቸው ላይ እያረፈ ጉዳት እንዳደረሰባቸው በመግለጽ ፋብሪካውን ከሰሱ። ፋብሪካውም እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ የኮትሬልን መሣሪያ ተከለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፖታሽ ማዳበሪያ እጥረት ሲያጋጥም፣ በማጣሪያው የተያዘው አቧራ የፖታሽ ምንጭ በመሆን ለፋብሪካው ተጨማሪ ገቢ አስገኝቷል። መሣሪያው በከሰል የኃይል ማመንጫዎች ላይ የበራሪ አመድ ማጣሪያ ሆኖ መተከል የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው።

ኢ.ኤስ.ፒ. አብዛኛውን ጊዜ ጋዙ በተከታታይ የሚያልፍባቸው ሦስት ወይም አራት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የኤሌክትሪክ መስጫ አለው። አንድ ክፍል ከደረሰው አቧራ አሥር እጅ ዘጠኙን ይይዛል ቢባል፣ የገባው 50 ግራም ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ 5 ግራም፣ ከሁለተኛው በኋላ ግማሽ ግራም፣ ከሦስተኛው በኋላ 50 ሚሊግራም፣ ከአራተኛው በኋላ ደግሞ 5 ሚሊግራም ይሆናል። በተግባር በመጨረሻዎቹ ክፍሎች የሚደርሰው አቧራ በጣም የደቀቀ በመሆኑ ለመያዝ ይከብዳል፤ ስለዚህ እውነተኛው ውጤት ከዚህ ስሌት ያነሰ ነው። ስሌቱ ግን አንድ ዋና ነገር ያሳያል። ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ሆፐሩ ሞልቶ ሥራ ቢያቆም፣ የሚወጣው አቧራ በሩብ ያህል ብቻ ሳይሆን በአሥር እጥፍ ይጨምራል።

ኢ.ኤስ.ፒ. ሆን ተብሎ የሚጠፋበት ጊዜ

የዚህ ማጣሪያ ትልቁ ድክመት፣ ምድጃው በሚታወክበት ጊዜ ለደኅንነት ሲባል መጥፋት ያለበት መሆኑ ነው። በማጣሪያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በተደጋጋሚ ይፈጠራል። በምድጃው ውስጥ ያለው ከሰል በቂ አየር አጥቶ በደንብ ካልተቃጠለ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ከአየር ጋር በበቂ መጠን ተቀላቅሎ ብልጭታ ወዳለበት ሣጥን ከገባ ይፈነዳል። በመሆኑም ፋብሪካው በጋዝ መስመሩ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ይተክላል። መለኪያው ከተወሰነው መጠን በላይ ሲያነብ ኤሌክትሪኩ ወዲያውኑ ይቋረጣል። ይህ ድርጊት በባለሙያዎች ዘንድ ሲ.ኦ. ትሪፕ ይባላል።

ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጋዙ መፍሰሱን አያቆምም። ከላይ በተጠቀሰው ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ለ5 ደቂቃ ቢቋረጥ፣ በዚህ ጊዜ ወደ ማጣሪያው የሚገባው አቧራ 1,250 ኪሎግራም ነው። ግማሹ በራሱ ክብደት በሣጥኑ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ፣ ከ600 ኪሎግራም በላይ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በሰዓት 6 ኪሎግራም የሚያወጣው ይኸው ፋብሪካ በመደበኛ ሁኔታ ይህን ያህል አቧራ ለማውጣት ከአራት ቀናት በላይ ይፈጅበታል። የአካባቢው ነዋሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ታይቶ የሚጠፋ ወፍራም ጭስ የሚያየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚደጋገመው ምድጃው ሲነሳና ሲቆም፣ እንዲሁም የከሰሉ አቅርቦት ወጣ ገባ ሲል ነው። የከሰሉ ጥራትና እርጥበት ከቀን ወደ ቀን ከተለያየ፣ ወይም ከሰሉን የሚመዝነው መሣሪያ በእኩል መጠን ካልመገበ፣ ለአፍታ ከአየሩ በላይ ነዳጅ ይገባል። ስለዚህ መፍትሔው ያለው በማጣሪያው ላይ ሳይሆን በምድጃው አያያዝ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መመዘኛ እንዲህ ያሉ መቋረጦች በዓመት ውስጥ ተደምረው ከ30 ደቂቃ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አስቸጋሪ መሆኑን፣ ነገር ግን በጥንቃቄ እጅግ ጥቂት ማድረግ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም መቋረጥ የምድጃው አሠራር ችግር እንዳለበት ያመለክታል።

ደረቅ ጋዝና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ አቧራ

ኢ.ኤስ.ፒ. ሳይጠፋም አቅሙ ሊደክም ይችላል። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው አቧራ የያዘውን የኤሌክትሪክ ኃይል ቀስ በቀስ ወደ ሰሌዳው ማስተላለፍ አለበት። አቧራው ኤሌክትሪክን በጣም የሚከላከል ከሆነ ኃይሉ በአቧራው ንጣፍ ውስጥ ይከማቻል። በመጨረሻም ንጣፉን በስቶ ይወጣና የተያዘውን አቧራ ወደ ጋዙ መልሶ ይበትናል። መሣሪያው እየሠራና ኤሌክትሪክ እየበላ ሳለ የሚይዘው አቧራ ግን ይቀንሳል።

በሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ይህን የሚወስኑት የጋዙ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ከምድጃው መስመር ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይዞ የሚወጣው ጋዝ፣ የጥሬ ዕቃው ወፍጮ በሚሠራበት ጊዜ እርጥቡን ድንጋይ ለማድረቅ በዚያ በኩል ያልፋል። በዚህም ይቀዘቅዛል፤ እርጥበትም ያገኛል። ወፍጮው ለጥገና ሲቆም ግን ጋዙ በቀጥታ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ያን ጊዜ የማቀዝቀዙ ሥራ በሙሉ የሚወድቀው ውኃ በደቃቁ በሚረጭበት የጋዝ ማቀዝቀዣ ማማ ላይ ነው። የውኃ መርጫዎቹ ከተደፈኑ ወይም የውኃ እጥረት ካለ፣ ሞቃትና ደረቅ የሆነው ጋዝ የኢ.ኤስ.ፒ.ን አቅም ያዳክማል። ለሰዓታት ሳይቋረጥ የሚቆይ፣ ነገር ግን እንደ ሲ.ኦ. ትሪፕ ያልወፈረ አቧራማ ጭስ ሲታይ፣ ተቆጣጣሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ወፍጮው በዚያ ሰዓት ቆሞ እንደነበር ነው።

በከሰል የኃይል ማመንጫዎች ላይ ተመሳሳይ ችግር የሚመጣው ከከሰሉ ዓይነት ነው። ድኝ የበዛበት ከሰል ሲቃጠል የሚፈጠረው የድኝ ጋዝ በአመዱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራና ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል። የከሰሉ ድኝ ሲያንስ ይህ ሽፋን አይኖርም። በደቡብ አፍሪካ አንዳንድ የኃይል ማመንጫዎች ይህን ለማቃለል ጥቂት የድኝ ትሪኦክሳይድ ጋዝ በጭሱ ውስጥ ይጨምራሉ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ያሉ ማመንጫዎች ደግሞ በዚሁ ምክንያት ወደ ባግ ፊልተር አዘንብለዋል።

በከረጢት የሚያጣራው ማጣሪያ

ባግ ፊልተር የሚሠራው በቀላል መርሕ ነው። ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች በሽቦ ቀፎ ላይ ተወጥረው በብረት ሣጥን ውስጥ ይሰቀላሉ። ጋዙ ከውጭ ወደ ከረጢቱ ውስጥ ሲያልፍ አቧራው በጨርቁ ውጫዊ ገጽ ላይ ይቀራል። አቧራውን በዋናነት የሚያጣራው ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በላዩ የሚጠራቀመው የአቧራ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ከመጠን በላይ ሲወፍር ጋዙ ማለፍ ስለሚቸገር፣ የታመቀ አየር ከከረጢቱ አፍ ወደ ውስጥ በድንገት ይለቀቃል። ከረጢቱ ይርገበገብና አቧራው ወደ ሆፐሩ ይወርዳል። ይህ የሚደረገው በረድፍ በረድፍ፣ ምርቱ ሳይቋረጥ ነው።

በምሳሌው ፋብሪካ ጋዙ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ወደ ማጣሪያው ሲገባ መጠኑ በሰዓት ወደ 430,000 ሜትር ኩብ ያድጋል። አንድ ሜትር ካሬ ጨርቅ በደቂቃ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ያሳልፋል ተብሎ ሲታሰብ፣ 7,200 ሜትር ካሬ ያህል ጨርቅ ያስፈልጋል። ስፋቱ 16 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ አንድ ከረጢት 3 ሜትር ካሬ ያህል ገጽ ስላለው፣ ማጣሪያው 2,400 ከረጢቶች ይኖሩታል ማለት ነው።

ይህ ማጣሪያ ብልጭታ ስለማይፈጥር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጨመረ ቁጥር ማጥፋት አያስፈልግም። አቧራው ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፍም ባያስተላልፍም ለውጥ የለውም። የሚወጣው መጠንም የተረጋጋ ነው። ጠላቶቹ ሙቀት፣ እርጥበትና እርጅና ናቸው። የፖሊስተር ጨርቅ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። ከመስታወት ክር የተሠራው እስከ 260 ዲግሪ ያህል ይችላል፤ ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን በመተጣጠፍም በቀላሉ ይሰበራል። በሌላ በኩል ምድጃው ገና ሲነሳ ጋዙ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ፣ በውስጡ ያለው እንፋሎት በጨርቁ ላይ ውኃ ይሆናል። እርጥቡ አቧራ እንደ ልስን ደርቆ ከረጢቱን ይደፍነዋል።

አንድ ከረጢት ቢወድቅ

ከ2,400 ከረጢቶች መካከል የአንዱ መውደቅ ቁምነገር የማይመስል ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። ጋዝ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ፣ ከረጢቱ በወደቀበት ቀዳዳ የሚያልፈው ጋዝ አንድ ጤነኛ ከረጢት ከሚያሳልፈው እጅግ ይበልጣል። ከረጢቶቹ በሁለቱም ወገን ያለው የግፊት ልዩነት በተለመደው መጠን፣ ማለትም 12 ሴንቲሜትር የውኃ ከፍታ ያህል ሲሆን፣ ጋዙ በቀዳዳው በሴኮንድ 30 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። በ16 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ይህ በሰዓት ከ2,000 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ጋዙ ሳይጣራ የሚያልፍ በመሆኑ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 35 ግራም ያህል አቧራ ይዟል። በድምሩ ከአንድ ቀዳዳ በሰዓት 70 ኪሎግራም ገደማ ይወጣል ማለት ነው። የቀሩት 2,399 ከረጢቶች ግን በአንድነት ከ6 ኪሎግራም አይበልጡም።

ስለሆነም የባግ ፊልተር ጥራት የሚለካው በተገዛበት ቀን ባለው አቅም ሳይሆን፣ የተቀደደ ከረጢት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚገኝና እንደሚቀየር ነው። ፋብሪካዎች ማጣሪያውን በክፍሎች ከፍለው ይሠራሉ። አንዱን ክፍል ዘግተው ከረጢት ሲቀይሩ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ በጨለማ ብርሃን የሚሰጥ ቀለም ያለው ዱቄት ወደ ጋዙ ይጨመራል። ከዚያም ንጹሕ መሆን በሚገባው ወገን በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ፣ የተቀደደው ከረጢት አፍ ያበራል። የመለዋወጫ ከረጢት በመጋዘን ከሌለ ግን ቀዳዳው ቢታወቅም ፋብሪካው በተበላሸ ማጣሪያ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል።

ብልሽቱ ከውጭ እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ መለየት ያለበት እንፋሎትና አቧራ ነው። እንፋሎት ከጭስ ማውጫው አፍ ጥቂት ራቅ ብሎ ነጭ ሆኖ ይጀምርና በአየር ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል። በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው ጠዋት ረዝሞ ይታያል፤ በፀሐያማ ቀትር ያጥራል። አቧራ ግን ከጭስ ማውጫው አፍ ጀምሮ ይታያል፤ ግራጫ ወይም ቡናማ መልክ ይኖረዋል፤ ሩቅ ድረስም ሳይጠፋ ይሄዳል። ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ባለ ቅጠል፣ ጣራና ልብስ ላይም ያርፋል።

አቧራ መሆኑ ከታወቀ የሚወጣበት ሁኔታ ምክንያቱን ይጠቁማል። በድንገት ወፍሮ ወጥቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ፈጽሞ የሚቆም ጭስ የኢ.ኤስ.ፒ. መቋረጥን ያመለክታል። ለሰዓታት የሚቆይ መካከለኛ ጭስ ከጋዙ መሞቅና መድረቅ ወይም ከማጣሪያው አንዱ ክፍል ሥራ ማቆም ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በእኩል የጊዜ ልዩነት ቡፍ ቡፍ እያለ የሚወጣ አቧራ ደግሞ የባግ ፊልተር ቀዳዳ ምልክት ነው፤ ምክንያቱም ረድፉ በታመቀ አየር በተጸዳ ቁጥር ቀዳዳውን በከፊል ሸፍኖት የነበረው አቧራ አብሮ ይነሳል። ቀን ከሌት ሳይለዋወጥ የሚወጣ አቧራ የወደቀ ከረጢት ውጤት ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ምልክቶች ጥቆማዎች እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም። አቧራው ከዋናው ጭስ ማውጫ ላይመጣም ይችላል። ክሊንከር ማቀዝቀዣው፣ የከሰልና የሲሚንቶ ወፍጮዎቹ የየራሳቸው ማጣሪያና ጭስ ማውጫ አላቸው። ከድንጋይ መፍጫ፣ ካልተሸፈነ ክምችትና ከጭነት መኪና መንገድ የሚነሳ አቧራ ደግሞ በእነዚህ ማጣሪያዎች ውስጥ ጭራሹን አያልፍም። በተቃራኒው፣ ጭሱ ለዓይን ጥርት ብሎ መታየቱ ብቻውን ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ወደ ሳንባ ጠልቀው የሚገቡት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች መጠናቸው የሚታወቀው በመሣሪያ ብቻ ነው።

አቤቱታ ለማቅረብ

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት፣ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በግሉ የደረሰበት መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ አካል ላይ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም አግባብ ላለው የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አቤት ባዩ በተሰጠው ውሳኔ ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛ ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

አቤቱታው ፍሬ እንዲኖረው ዋናው ነገር ትክክለኛ ሰዓት ነው። በፋብሪካው መቆጣጠሪያ ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ንባብ፣ የእያንዳንዱ የኢ.ኤስ.ፒ. ክፍል የኤሌክትሪክ መጠን፣ የባግ ፊልተሩ የግፊት ልዩነት፣ የጋዙ ሙቀትና የወፍጮው መነሻና መቆሚያ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘገባሉ። «ፋብሪካው ሁልጊዜ ያጨሳል» የሚል አቤቱታ ከእነዚህ መዝገቦች ጋር ሊመሳከር አይችልም። ቀኑን፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት የያዘ አቤቱታ ግን ተቆጣጣሪው ያንን ገጽ ከፍቶ ምን እንደተፈጠረ እንዲያይ ያስችለዋል።

በዚህ መሠረት ነዋሪዎች በተከታታይ ለጥቂት ሳምንታት የሚከተሉትን ቢመዘግቡ ይመከራል፦

- አቧራው የታየበትን ቀን፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን በመግለጽ፤
- ፋብሪካው ብዙ ጭስ ማውጫዎች ካሉት የወጣበትን፤
- የጭሱን መልክ፣ ማለትም ቀለሙን፣ ያለማቋረጥ ወይም ቡፍ ቡፍ እያለ መውጣቱን፣ ሳይጠፋ የሄደበትን ርቀት፤
- የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ፤
- ከተቻለ ከአንድ ቋሚ ቦታ የተነሳ፣ ቀንና ሰዓት ያለው ፎቶግራፍ።

በአዋጁ መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ፋብሪካ ገብተው የመመርመር ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። የነዋሪዎች መዝገብ ተቆጣጣሪው የትኛውን ቀን ገጽ እንደሚጠይቅ፣ የትኛውን ማጣሪያ እንደሚከፍትና በመጋዘን ውስጥ የመለዋወጫ ከረጢት መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ያሳየዋል። የመዝገቡን አንድ ቅጂ አቤት ባዩ ዘንድ ማስቀረት፣ አቤቱታው የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥርም ከተቀባዩ ክፍል ማግኘት ይገባል፤ ከላይ የተጠቀሰው የ30 ቀናት ጊዜ አቤቱታው መቼ እንደቀረበ በማስረጃ የሚረጋገጠው በዚሁ ነው።